ሰው ቤት ውስጥ ሲያርፍ፦ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ እስከ ቀብር

ሰው ቤቱ ውስጥ ሲያርፍ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚቀድመው ጩኸት ነው። ጩኸቱ ሰፈሩን ይሰበስባል። ሰፈሩ አንዴ ከተሰበሰበ በኋላ አስከሬኑን በጸጥታ አጥቦ መገነዝ፣ ከካህኑ ጋር ሰዓት መነጋገር፣ መቃብር መያዝ ሁሉም በለቀስተኛ መሃል እየተጋፉ የሚሠሩ ይሆናሉ። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉ ሲፋለስ የሚመጣውን ጣጣ ደግሞ ያዘነው ቤተሰብ ራሱ ይሸከመዋል።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ የሆኑ አንዲት እናት ለረጅም ጊዜ ታመው ቆይተው ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አረፉ። አንደኛዋ ልጃቸው አብራቸው አለች፣ ሁለተኛው ሐዋሳ ነው፣ ሦስተኛዋ ዱባይ። የሙስሊም ቤተሰብ ከዚህ የሚለይበትን በኋላ ለብቻው እናየዋለን።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት

በቅድሚያ ሞቱ እርግጥ ይሁን። ለረጅም ጊዜ ታሞ ለቆየ ሰው ትንፋሽና የልብ ምት መቆሙን አይቶ፣ በአቅራቢያ ያለ የጤና ባለሙያ ጠርቶ ማረጋገጥ ይበቃል። ሰውየው ደህና ሆኖ ውሎ በድንገት ከወደቀ፣ ራሱን ከሳተ ወይም መድኃኒት አብዝቶ ከወሰደ ግን ሞቷል ብላችሁ አትወስኑ፤ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ። በመውደቅ፣ በመመረዝ፣ በግጭት ወይም ምክንያቱ ባልታወቀ መንገድ ከሆነ ደግሞ አስከሬኑንም ክፍሉንም ሳትነኩ በ991 ለፖሊስ አሳውቁ። እንዲህ ያለውን አስከሬን አጥቦ መገነዝ ለምርመራ የሚፈለገውን ምልክት ያጠፋል። ቀብሩ በመርማሪ ፈቃድ እስኪሆን ድረስ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ከተቀበረ በኋላ እስከ መውጣት ይደርሳል።

ሞቱ የተጠበቀ ከሆነ ወዲያው የሚሠሩት አራት ነገሮች ናቸው። ዓይኖቹን በጣት ጫፍ ወደ ታች ሸፍናችሁ ለጥቂት ደቂቃ ያዙ። አገጩን ከሥር ወደ ላይ አንስታችሁ በለስላሳ ጨርቅ አናት ላይ እሰሩ። እጅና እግሩን ዘርጉ። ቀለበት፣ አምባርና የጆሮ ጌጥ አውልቁ፤ አስከሬን ሲቆይ ስለሚያብጥ ቀለበት በኋላ አይወጣም። የአንገት ማዕተብ ግን ከጌጡ ጋር አይቆጠርም፣ እዚያው ይቆይ።

ይህ ሁሉ ለምን ይቸኮላል? ከሞት በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈ መንጋጋና አንገት መድረቅ ይጀምራሉ፤ ግማሽ ቀን ገደማ ሲሆን መላ አካል ይደርቃል። አፉ ተከፍቶ፣ እጁ ታጥፎ ከደረቀ በኋላ የሚመጣ ገናዥ ብዙ ሊያደርግ አይችልም። የደረቀን እጅ በጉልበት ማቅናት አጥንት ሊሰብር ስለሚችል አትሞክሩ። ትከሻውን ወይም ክርኑን ቀስ ብሎ እያሹ ትንሽ ማላላት ይቻላል፣ ካልሆነ እንዳለ ተገንዞ ይቀበራል።

ከሥሩ ላስቲክ ወይም ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ፤ ጡንቻ ሲላላ ሽንትና ዓይነ ምድር ሊወጣ ይችላል። ብርድ ልብሱን አንሡና በነጠላ ሸፍኑት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ከሰል ከክፍሉ ይውጣ። ሙቀት አስከሬኑን ቶሎ ያበላሻል። በርካታ ቤቶች ውስጥ የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ በር ዘግቶ፣ በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ ዕጣን ከከሰል ጋር አስገብቶ ማደር።

ማን ምን እንደሚይዝ

በዚህ ሰዓት ቤት ውስጥ ካሉት መሃል አንድ ሰው ጉዳይ አስፈጻሚ ይሁን። በጣም ያዘነው ልጅ ባይሆን ይመረጣል፤ አማች፣ የወንድም ልጅ ወይም የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። ሌላ አንድ ሰው ገንዘብ ይያዝና በደብተር ይጻፍ፣ ደረሰኝ ይሰብስብ። የሟች መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር፣ ቁልፍና ስልክ በአንድ ሰው እጅ ይግቡ። ስልኩን ግን አታጥፉት፤ የሚደውሉ ወዳጆችን ቁጥር የምታገኙት ከዚያው ነው።

የንስሐ አባት፣ ማጠብና መገነዝ

በኦርቶዶክስ ቤት የመጀመሪያው ስልክ ለንስሐ አባት ነው። በምሳሌያችን ልጅቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ብትደውልላቸው ቅር አይላቸውም፤ ካህን ለዚህ ይነሣል። ሲደወል ሦስት ነገር ይነገራል፦ ያረፉበት ሰዓት፣ ሥጋ ወደሙ የተቀበሉበት ጊዜ እና ስመ ክርስትናቸው። ጸሎቱ የሚደርሰው በክርስትና ስም ነው። ልጆች የእናታቸውን ስመ ክርስትና አለማወቃቸው ያልተለመደ አይደለም፤ ንስሐ አባት ካላወቁት ወይም ካረፉ የክርስትና እናት፣ ታላቅ እህት ወይም የማኅበር ጓደኛ ያውቃል።

አጣቢዎቹ ከሟች ጋር አንድ ፆታ የሆኑ፣ ልበ ጠንካራና ምስጢር ጠባቂ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው። ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙና፣ ፎጣ፣ ጥጥና የእጅ ጓንት ይበቃል። ከፊት ጀምሮ ወደ እግር ይታጠባል፣ የሚታጠበው ብቻ እየተገለጠ ሌላው በነጠላ ይሸፈናል። ሆዱን ጫን አድርገው ካጠቡ በኋላ ፈሳሽ መውጫዎች በጥጥ ይያዛሉ። ሟች በተላላፊ በሽታ ታሞ ከነበረ ያከሙት ባለሙያዎች የሚሉት ይቅደም፤ ጓንት የሚያስፈልገው ያኔ ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ ነው።

መገነዙን የሚያውቅ ሰው ይሥራው፤ ዲያቆን፣ ካህን ወይም የሰፈር ሽማግሌ። የእግር አውራ ጣቶች እርስ በርስ በክር ይታሰራሉ፣ የእጅ አውራ ጣቶችም እንዲሁ፤ ከዚያ በነጭ አዲስ ጨርቅ ይጠቀለላል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ዮሴፍና ኒቆዲሞስ ጌታን ከገነዙበት ጋር ታያይዘዋለች። ድሮ ከጨርቁ በላይ ሰሌን ነበር የሚጠቀለለው፣ ዛሬም ሰሌን የሚመርጥ አለ። አሁን ከተማ ውስጥ የተለመደው ሳጥን ነው፤ ሳጥን የሚገዛ ሰው የሟችን ቁመትና የትከሻ ስፋት በሜትር ለክቶ ይሂድ። በቁመቱ ላይ አንድ ጋት ያህል መጨመር አለበት። በግምት የተገዛ ሳጥን ጠብቦ ልክ ከቤት ሊወጣ ሲል የሚታወቅ ነገር ነው፣ ያኔ ደግሞ ተመልሶ ለመለወጥ ጊዜ የለም።

ካህናት ከመጡ ጸሎተ ግንዘት ይደርሳል፣ ዕጣን ይታጠናል፤ ካልመጡም ዳዊት የሚደግም ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።

ቤተ ክርስቲያንና መቃብር ከመርዶ ይቀድማሉ

ይህ ክፍል ነው ብዙ ጊዜ የሚገለበጠው። ሌሊቱን ለሃምሳ ሰው ተደውሎ «ቀብሩ 9 ሰዓት ነው» ይባላል፤ ሲነጋ አጥቢያው በዚያ ሰዓት ሌላ ቀብር እንዳለበት ወይም መቃብሩ እንዳልተቆፈረ ይታወቃል። ሃምሳውን ሰው መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ስለዚህ ጉዳይ አስፈጻሚው ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የደብሩ ጽሕፈት ቤት ደጅ ይገኝ። የሟችን የሰበካ ጉባኤ አባልነት ደብተር ይያዝ። ወርኃዊ መዋጮው ካልተከፈለ ውዝፉን ከፍሎ ደረሰኝ መያዝ ይጠበቅበታል። ደብተሩ ከጠፋ የአባልነት መዝገቡ በስም ስለሚፈለግ የሟች ሙሉ ስም እስከ አያት ያስፈልጋል። የሞት ማስረጃ የሚጠይቅ ደብር ስላለ ከሆስፒታል የተሰጠ ወረቀት ካለ አብሮ ይሂድ። ከዚያ ሦስት ነገር በቁርጥ ይጠየቃል፦ ቦታው በግቢው አፈር ላይ ነው ወይስ ፉካ ውስጥ፣ ቁፋሮውን የሚሠራው ማነው፣ ካህናቱ ለፍትሐት የሚገኙት በስንት ሰዓት ነው። መቃብር በምሥራቅና በምዕራብ አቅጣጫ ይቆፈራል፤ ሟች እግሩ ወደ ምሥራቅ፣ ራሱ ወደ ምዕራብ ሆኖ ነው የሚያርፈው፣ ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን።

ዕለቱን ማየትም ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ቅዳሴ ወደ ከሰዓት ስለሚገፋ ካህናቱ ለቀብር የሚመቻቸው ሰዓት ይለወጣል። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም። በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድሞ በሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ይደረጋል፤ ሕዝቡም ይህን አውቆ ነው የሚቀርበው። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ያረፈ ሰው «ሳይፈታ ተቀበረ» ብሎ ከካህን ጋር መጣላት ሥርዓቱን ካለማወቅ ይመጣል።

ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ባለው መንገድ ሥርዓቱ አስከሬኑን ሰባት ጊዜ ማሳረፍ ነው፤ በየምዕራፉ ጸሎት ይደርሳል። በመኪና ሲሄድ ይህ እንዴት እንደሚሆን፣ የት የት እንደሚቆም ከካህናቱ ጋር በጠዋቱ ይነጋገሩ። ቀብሩ 9 ሰዓት ከሆነ ከቤት መውጫውን 7 ሰዓት ላይ አድርጉት፤ አንድ ሰዓት ለመንገድና ለሰልፍ፣ አንድ ሰዓት ለፍትሐት። ለሰውም ሁለቱን ሰዓት ለያይታችሁ ንገሩ። «9 ሰዓት ነው» ብቻ የተባለ ለቀስተኛ በ9 ሰዓት ቤት ይመጣና ባዶ ድንኳን ያገኛል።

እድር

ለእድሩ ሰብሳቢ ወይም ጸሐፊ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነገር። ደንቦቹ ይለያያሉ፤ ብዙዎቹ ግን በዕለቱ ካልተነገራቸው የገንዘብ ክፍያውን ሊከለክሉ ይችላሉ። የሟች እድር ብቻ አይደለም፤ የልጆች፣ የባል ወይም የሚስት እድሮችም በየደንባቸው ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ልጆቹ ሁሉ ለየእድራቸው በዚያው ጠዋት ያሳውቁ። እድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ብርጭቆ ያመጣል፣ ጥሩንባ ያስነፋል። ድንኳኑ ከመድረሱ በፊት ቦታው ይወሰን። በኮንዶሚኒየም ከሆነ ለብሎኩ ኮሚቴ ይነገር። መንገድ የሚዘጋ ከሆነ ለወረዳው አሳውቁ፤ ቢያንስ አምቡላንስ የሚያልፍበት ክፍተት ይተው። ከእድሩ ዕቃ ስትረከቡ ቆጥራችሁ ፈርሙ፣ የጎደለ ብርጭቆ በኋላ ከክፍያው ላይ ይቆረጣልና።

መርዶ

ሰዓቱና መቃብሩ ከተረጋገጠ በኋላ መርዶው ይነገር። የቅርብ ዘመድ በስልክ አይረዳም፤ ሦስት አራት ሰው ሆኖ በጠዋት፣ ቤቱ ተሂዶ፣ ተቀምጦ ነው። ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው መድኃኒቱን ወስዶ፣ ጥቂት ቀምሶ ከሆነ በኋላ ይነገረው።

ሐዋሳ ያለው ልጅ ግን አስቀድሞ መነሣት አለበት፤ መንገዱ በመኪና አራት አምስት ሰዓት ይወስዳል። ለእሱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተደውሎ «እማማ በጣም ጠንቶባታል፣ ና» ይባላል፤ የሚያሽከረክረው ግን ሌላ ሰው ይሁን። እዚያ ላለ ጓደኛው እውነቱ ይነገረውና አብሮት ይምጣ። ዱባይ ያለችውም እንዲሁ፦ አብራት የምትኖር ወይም የምትሠራ ሰው ተፈልጋ በአካል ትንገራት። እስከዚያ ድረስ ማንም ፌስቡክ ላይ ፎቶና ሻማ እንዳይለጥፍ በግልጽ ይከልከል። ውጭ ያሉ ልጆች የእናታቸውን ሞት ከማያውቁት ሰው ልጥፍ የሚሰሙት በዚህ ቀዳዳ ነው።

ልጅቱ ትጠበቅ ወይስ አትጠበቅ የሚለው ከረቡዕ ጠዋት 1 ሰዓት በፊት ይቆረጥ። በረራው ራሱ አራት ሰዓት ያህል ነው፤ የሚያዘገየው የአሠሪ ፈቃድ፣ ፓስፖርቱ በማን እጅ እንዳለና የቲኬት መገኘት ነው። ፓስፖርቷ በእጇ ከሆነና ለዕለቱ ቲኬት ካገኘች ቀብሩን ወደ ሐሙስ ማዛወር ይቻላል፤ አስከሬኑ ግን ያኔ ወደ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ይግባ። ቤት ውስጥ ለሁለተኛ ሌሊት ማሳደር በአዲስ አበባ ብርድም ቢሆን አይመከርም። ምንም ቁርጥ ነገር ከሌላት አትጠብቁ፤ «ትደርሳለች» እየተባለ በየሦስት ሰዓቱ የሚለወጥ ቀብር ሁሉንም ያደክማል።

በሙስሊም ቤት

እዚህ ሰዓቱ የሚሮጠው በሌላ መንገድ ነው። ጀናዛን ማፋጠን የተወደደ ስለሆነ የማይደርስ ዘመድ አይጠበቅም። ለረቡዕ አጥቢያ 8 ሰዓት ያረፈ ሰው ብዙ ጊዜ ከዙህር ሶላት በኋላ ይቀበራል። ፀሐይ በምትወጣበት፣ መሃል አናት ላይ በምትቆምበትና በምትገባበት ቅጽበት መቅበር ስለሚጠላ ከዙህር ወይም ከዓስር በኋላ ይደረጋል። ዓይን መዝጋቱ፣ አገጭ ማሰሩና እጅ እግር መዘርጋቱ አንድ ነው። ልዩነቱ ሟች ፊቱን ወደ ቂብላ እንዲያዞር መደረጉና ዕዳው ቶሎ እንዲጣራ መፈለጉ ነው። «ሟች ያለበትን ዕዳ የምታውቁ ንገሩን» የሚለው በዚያው ቀን በመስጊድ ይነገራል።

ትጥበቱ (ጉስል) ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ ሦስት፣ ካስፈለገ አምስት ወይም ሰባት። ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ያጥባል፣ ባልና ሚስት ግን ይተጣጠባሉ የሚለው የብዙ ሊቃውንት አቋም ነው። ሁለት ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለብ ያለ ውኃ ይዘጋጅ። ሀፍረተ ገላ እንደተሸፈነ ሆዱ ቀስ ተብሎ ተጭኖ ይጸዳል፣ ከዚያ ውዱእ ይደረግለታል፣ ከዚያ ከቀኝ ጎን ተጀምሮ ይታጠባል። ውኃው ውስጥ የሲድር ቅጠል ይገባል። ሲድር እኛ ቁርቁራ የምንለው ዛፍ ነው፤ ከሌለ ሳሙና ይበቃል። በመጨረሻው ትጥበት ካፉር ይጨመራል። አጣቢው ያየውን ነውር አያወራም።

ከፈን ነጭ ጥጥ ነው፤ ለወንድ ሦስት፣ ለሴት አምስት ቁራጭ። ሲገዛ እንዲህ ይሰላል፦ ሟች 1 ሜትር ከ70 ቢሆን ከራስም ከእግርም በኩል ለመቋጠሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ይጨመራል፣ አንዱ 2 ሜትር ከ30 ይሆናል። ሦስት ሙሉ መጠቅለያ ከሆነ ወደ 7 ሜትር፣ ሰፊ ወርድ ያለው ጨርቅ። ወርዱ ጠባብ ከሆነ ሁለት እየተሰፋ ይቀጠላልና ነጋዴውን መጀመሪያ ስለ ወርዱ ጠይቁ።

የጀናዛ ሶላት ሩኩዕና ሱጁድ የለውም፤ ቆሞ በአራት ተክቢራ ይሰገዳል። ይህን የማያውቅ ዘመድ ሩኩዕ ሊወርድ ሲል ሰልፉን ስለሚያበላሽ ኢማሙ አስቀድሞ እንዲያስታውስ ጠይቁ። መቃብሩ ሲቆፈር ለአዲስ አበባ ቂብላ ሰሜን ነው ለማለት ይቻላል፣ ከሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ሟች በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ወደዚያ ስለሚዞር ራሱ በምሥራቅ፣ እግሩ በምዕራብ በኩል ይሆናል፤ ከክርስቲያኑ መቃብር ጋር መስመሩ አንድ ሆኖ ራስና እግሩ የተገለበጠ ነው። ቆፋሪው ለሁለቱም ሃይማኖት የሚቆፍር ከሆነ ይህን ቀድሞ መንገር ይጠቅማል። የባል ሞት ለደረሰባት ሴት ኢዳው፣ ማለትም ሳታገባ የምትቆይበት ጊዜ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ስለሆነ ቀኑ በዚያው ዕለት ይጻፍ።

ከሰዓት በኋላና ማታ

ወደ እናቲቱ ቀብር እንመለስ። የሕይወት ታሪክ የሚነበብ ከሆነ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ ከመነበቡም በፊት ሁለት ዘመዶች ይዩት። ጠብ የሚያመጣው የልጅ ስም መርሳት ነው፤ በተለይ ከሌላ የተወለደ ወይም ያደገ ልጅ ሲዘለል። ቀብር ላይ ሁሉም ሲሄድ ቤት ባዶ አይቀመጥ፤ ሁለት ሰው ይቅር። ለሌባም ነው፣ ተመላሹ እጁን የሚታጠብበትን ውኃና ንፍሮውን ለማሰናዳትም ነው። ምግብ ከጎረቤትና ከእድር ይመጣል፤ በኦርቶዶክስም በሙስሊምም ቤት ሐዘንተኛ ምድጃ ላይ መቆም አይገባውም። ፊት መንጨትና ደረት መድቃት ሁለቱም ሃይማኖቶች የሚከለክሉት ነው፤ ከሐዘንተኛዋ ጎን እጇን የሚይዝ ሰው ይቀመጥ።

ማታ ድንኳኑ ሲረግብ ሁለት ነገር ይጻፍ። አንዱ የሞት ምዝገባ ነው፤ በወረዳው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ለባንክም ለጡረታም ለውርስም የሚጠየቀው ያ ወረቀት ነው። ሁለተኛው የቀን ቆጠራው ነው። ሣልስት የሚቆጠረው ያረፉበት ቀን አንድ ተብሎ ነው፦ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። አርባውም በዚያው ስሌት ይሄዳል። እናቲቱ ያረፉት ሌሊት ስለሆነ ግን ልጆቹ አንዱ «ማክሰኞ ሌሊት»፣ ሌላው «ረቡዕ» ይላሉ፣ ሆስፒታልና መዝገብ ቤት ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ረቡዕ ብለው ይጽፋሉ። «ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብላችሁ ከነቀኑና ከነወሩ ደብተሩ ላይ አስፍሩ፣ ለንስሐ አባትም፣ ለወረዳውም፣ የመቃብሩን ድንጋይ ለሚቀርጸውም ሰው ያንኑ ስጡ።